360,000 ብሩ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል የንብረትና ጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። የመታጠቢያ ቤት እድሳት በጀቴ አልፏል። ለሥራ አስኪያጃችን ማብራሪያ ብጽፍም ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብለው መለሱልኝ። ዋናው አንቀጽ ይኸውና፦

«እንደሚታወቀው ክፍላችን በ2018 በጀት ዓመት የ12 የእንግዳ ክፍሎችን መታጠቢያ ቤት ለማደስ ዕቅድ ይዞ ሥራውን በከፍተኛ ትጋት እያከናወነ ይገኛል። ሆኖም በወቅቱ የዋጋ ንረትና የውጭ ምንዛሪ ሁኔታ እንዲሁም በሥራው ላይ ባጋጠሙ ያልተጠበቁ ሁኔታዎች ምክንያት ከዕቅዱ በላይ ወጪ የወጣ ሲሆን ይኸውም እስካሁን ለተጠናቀቁት 8 ክፍሎች ከተያዘው በላይ 360,000 ብር መውጣቱን እየገለጽን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

የወጪ ሠንጠረዡንና የግዢ ወረቀቶቹን አያይዣለሁ። እንዴት ብጽፈው ይሻላል? ደግሞም ጥምቀት ሳይደርስ ክፍሎቹ ማለቅ አለባቸው።

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሥራ አስኪያጅሽ የተቆጡ አይመስለኝም። የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው አንብበው የሚወስኑት ነገር አላገኙም። «ትብብር» ብር ይሁን ጊዜ ወይም ይቅርታ አይታወቅም።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው አለቃ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ስንት አለፈ፣ ለምን አለፈ፣ ምን እየተደረገ ነው። ሦስቱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ካሉ ቀሪውን ባያነብም ይወስናል። አንቺ ጋ የመጀመሪያው የተደበቀው አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለተኛው በጅምላ ተነግሯል። ሦስተኛው ጭራሽ የለም።

ቅደም ተከተሉን ከመቀየራችን በፊት ግን አንድ ችግር አለ። ሠንጠረዥሽን አይቼዋለሁ። 360,000 ብሩ ልክ አይደለም። የተሳሳተ ቁጥር ወደ ፊት ቢመጣ የሚጠቅመው ስህተቱ ቶሎ እንዲታይ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራ።

በጀትሽ ለ12 ክፍል 1,800,000 ብር ነው። ለአንድ ክፍል 150,000 ማለት ነው። 8 ክፍል አልቋል፤ ስለዚህ እስካሁን መውጣት የነበረበት 1,200,000 ነው። የወጣው 1,560,000 ነው። ቀንሰሽ 360,000 አገኘሽ። ቅነሳው ልክ ነው። ግን ከወጣው ብር ውስጥ ላልተጀመሩት 4 ክፍሎች የተገዛ የሳኒተሪ ዕቃ አለ። ለየክፍሉ የሚሆነውን ሙሉ ስብስብ 12ቱንም በአንድ ጊዜ ነው የገዛሽው። አራቱ ስብስቦች አሁን ስቶር ውስጥ በካርቶናቸው ተቀምጠዋል። አንዱ 40,000 ብር ስለሆነ አራቱ 160,000 ነው። ይህ ብር ቀድሞ ወጣ እንጂ በ8ቱ ክፍሎች ላይ አላለፈም። ሲቀነስ በተጠናቀቁት ክፍሎች ላይ በእውነት ያለፈው 200,000 ብር ነው።

ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት ቢሮ ስሠራ አራት ገጽ ማብራሪያ ጽፌ አስገባሁ። አለቃዬ ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ስቶር ያለው ሲሚንቶ እዚህ ውስጥ ነው ወይ?» አሉኝ። ነበር። አራቱም ገጽ ያን ጊዜ ዋጋ አጣ። አንዱ ቁጥር ሲያጠራጥር ሌሎቹም አብረው ይጠረጠራሉ።

ይሁንና 200,000ውም ሥራ አስኪያጅሽ የሚፈልጉት ዋና ቁጥር አይደለም። እሱ ያለፈውን ነው የሚናገረው። እሳቸው የሚወስኑት ወደፊት በሚወጣው ብር ላይ ነው። ስለዚህ ከፊት መምጣት ያለበት «ሥራው ሲያልቅ ስንት ያልፋል?» የሚለው ነው።

እዚህ ጋ ሌላ ወጥመድ አለ። በ8 ክፍል 200,000 ካለፈ በአንድ ክፍል 25,000 ነው፤ በ12 ሲባዛ 300,000 ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ግን የተሳሳተ ነው። በማስታወሻሽ ላይ ከቀሩት አራት ክፍሎች ሁለቱ አሮጌው ሕንፃ ላይ፣ ሁለቱ አዲሱ ሕንፃ ላይ እንደሆኑ ጽፈሻል። አዲሱ ሕንፃ ከመጀመሪያውም የተሠራው በፕላስቲክ ቧንቧ ነው ብለሻል። ከ25,000ው ውስጥ 17,000ው የመጣው ደግሞ በዛገ የብረት ቧንቧ ነው። የብረት ቧንቧ በሌለበት ቤት የቧንቧ ወጪ አይጨምርም። ምክንያቱ የማይደርስበት ክፍል ላይ ጭማሪውን አታብዢ።

እንግዲህ በየምክንያቱ እናስላው። የሳኒተሪ ዕቃው በጀት ላይ አንዱ ስብስብ 32,000 ነበር፤ የተገዛው በ40,000 ነው። 8,000 በ12 ሲባዛ 96,000 ብር። ይህ አልቆ የተከፈለ ነው፤ ከዚህ በላይ አይጨምርም። ቧንቧው በአንድ ክፍል 17,000 ነው። አሮጌው ሕንፃ ላይ ያሉት 10 ክፍሎች ናቸው፤ 170,000 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 266,000። ሥራው ሲያልቅ በጠቅላላው 2,066,000 ብር ይወጣል ማለት ነው።

በሌላ መንገድ አረጋግጪው። አሮጌዎቹ ሁለት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 135,000 ይቀራቸዋል፤ ይኸውም ከ150,000 ላይ የተገዛውን የሳኒተሪ 32,000 ቀንሰሽ የቧንቧውን 17,000 ስትጨምሪ ነው። አዲሶቹ ሁለቱ 118,000 ይቀራቸዋል። ድምሩ 506,000 ነው። በወጣው 1,560,000 ላይ ስትጨምሪው ያው 2,066,000 ይመጣል። በሁለት መንገድ አንድ ቁጥር ካልመጣ ወረቀቱን አትላኪ።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ሥራ የሚፈልገው ይህ ነው።

«የዋጋ ንረትና የውጭ ምንዛሪ» ብለሻል። ብር በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ያንቺ በጀት የተዘጋጀው በግንቦት 2017 ነው፤ አሥር ወር ገደማ ቆይቶ። ስለዚህ በጀቱ ሲሠራ ያ ለውጥ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ዛሬ እሱን እንደ ምክንያት ብትጠቅሺ ሥራ አስኪያጅሽ «ያኔ አታውቂም ነበር?» ይሉሻል። መልስ የለሽም። ከበጀቱ በፊት የሆነ ነገር ለልዩነቱ ምክንያት መሆን አይችልም። ምክንያት ማለት በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የተለወጠ ነገር ነው፤ ወይም በጀቱ ሲሠራ የተሳተ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? መልሱ ወረቀቶችሽ ላይ አለ። ፕሮፎርማው የተሰበሰበው ግንቦት 12 ነው። ግርጌው ላይ «ዋጋው ለ15 ቀን ይጸናል» ይላል። የግዢ ጥያቄሽ የገባው ነሐሴ 5፣ የተፈቀደው መስከረም 20 ነው። በመካከል ማንም አዲስ ፕሮፎርማ አልጠየቀም። ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ዋጋው ለ15 ቀን የሚጸና ፕሮፎርማ ይዘን ከአራት ወር በኋላ ገዛን። ከ«ዋጋ ንረት» ጋር ያለው ልዩነት ይታይሻል? ንረቱን ሥራ አስኪያጅሽ ማስቆም አይችሉም። የፕሮፎርማውን ጊዜ ግን ሁለታችሁም ልትቆጣጠሩት ትችላላችሁ። እርምጃ ሊወሰድበት የሚችል ምክንያት ይጻፍ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሪ፤ ቫት። 32,000ው ከቫት በፊት ከሆነና 40,000ው ቫት ያለበት ከሆነ ታሪኩ ሁሉ ይቀየራል። የ32,000 15 በመቶ 4,800 ነው። ያኔ ከ8,000ው ጭማሪ ውስጥ 4,800ው የዋጋ ሳይሆን በጀት ስትሠሪ የረሳሽው ቫት ይሆናል። ፕሮፎርማሽን አየሁት፤ «ቫትን ጨምሮ» ይላል፤ ስለዚህ ደህና ነሽ። በዚህ የተያዙ ብዙ ሰዎች ግን አይቻለሁ። ሁለቱንም ዋጋ ቫት ያለበት ወይም ሁለቱንም የሌለበት አድርገሽ ሳታስተካክዪ ቀንሰሽ አትጻፊ።

ሁለተኛው «ያልተጠበቁ ሁኔታዎች» ነው። ይህን ሐረግ ሥራ አስኪያጅ ሲያነብ የሚሰማው «አልነግርዎትም» የሚል ነው። የሆነውን በግልጽ ጻፊው። ግድግዳው ሲፈርስ የድሮው የብረት ቧንቧ ዝጎ ውስጡ ጠብቦ ተገኘ። አዲስ ቧንቧ መዘርጋት ነበረበት። ለአንድ ክፍል ቧንቧና መገጣጠሚያው 9,000፣ ግድግዳ መክፈቱና መልሶ መለሰኑ 8,000። ይኸው 17,000። በጀት ሲሠራ ለምን አልታወቀም? ምክንያቱም ማንም አንድ ግድግዳ ከፍቶ አላየም። ይህንንም ጻፊ። ሳትጽፊው ብትቀሪ ራሳቸው ይጠይቁሻል፤ ያኔ ደግሞ የተደበቀ ነገር ይመስላል።

ምክንያትሽ እውነት መሆኑን የምታውቂው ሲባዛ ነው። ብዛት በዋጋ ጭማሪ ተባዝቶ ልዩነቱን ካልሰጠ ወይ ሌላ ምክንያት ቀርቷል፣ ወይ ያስቀመጥሽው ሐሰት ነው። ያንቺ ልክ መጥቷል። በእስካሁኑ 8 ክፍል ብትወስጂው የሳኒተሪው 64,000፣ የቧንቧው 136,000፤ ድምሩ 200,000። ምንም የተንጠለጠለ ብር የለም። ቢኖር ኖሮ «ከዚህ ውስጥ 14,000 ብሩ ምክንያቱ ገና እየተጣራ ነው፤ እስከ ዓርብ አሳውቃለሁ» ብለሽ ብትጽፊ ይሻል ነበር። ወደ ቧንቧው መጨፍለቅ ግን አይገባም።

ቀጥሎ የማስተካከያ እርምጃው። «ለወደፊቱ ተገቢውን ጥንቃቄ እናደርጋለን» የሚለው እርምጃ አይደለም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሌለበት ነገር እርምጃ አይባልም።

ያንቺ ጉዳይ ላይ ብር የሚመልስ እርምጃ ትንሽ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የሳኒተሪው ብር ተከፍሏል። አሮጌው ሕንፃ ላይ የቀሩት ሁለቱ ክፍሎች ግን ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ ብለሻል። ግድግዳው አንድ ጊዜ ብቻ ከተከፈተ የመክፈቻና የልስን ወጪው ለሁለት ክፍል 8,000 ይሆናል፤ 16,000 አይሆንም። ልዩነቱ ከ266,000 ወደ 258,000 ይወርዳል። ትንሽ ነው። ቢሆንም ከሚታወቅ ሥራ ተሰልቶ የመጣ ቁጥር ስለሆነ ይታመናል። መጀመሪያ ግን ቧንቧ ሠራተኛሽ ሄዶ ያረጋግጥ፤ ቱቦው በየትኛው በኩል እንደሚወጣ ሳይታይ አትጻፊው። አዲሱ ሕንፃ ላይም ቧንቧው ፕላስቲክ መሆኑን አንድ ቦታ ከፍቶ ይይ። ያ ካልተረጋገጠ ሌላ 34,000 ብር ሊመጣ ይችላል፤ እሱን ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ይዘሽ ብትቀርቢ የሚያምንሽ የለም።

ትልቁ ምርጫ ሌላ ነው። አዲሱ ሕንፃ ላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ዛሬም እንግዳ ያሳድራሉ። ቢያረጁም ይሠራሉ። እነሱን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ማስተላለፍ ይቻላል። ያኔ ዘንድሮ 236,000 ብር አይወጣም፤ ከበጀት በላይ የሚሆነው 22,000 ብቻ ነው። ይህን ግን ቁጠባ ብለሽ እንዳትጽፊ። ማስተላለፍ ነው። ብሩ ሐምሌ ላይ ይጠብቅሻል፤ ምናልባትም ዋጋው ጨምሮ። የተገዙት ሁለት ስብስቦችም ስቶር ይቆያሉ። ሁለቱንም ነገር በግልጽ ካስቀመጥሽ እሳቸው ይመርጣሉ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ላሉት መልሱ ይሄ ነው።

ደብዳቤውን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የመታጠቢያ ቤት እድሳት በጀት በ258,000 ብር ስለሚያልፍ እስከ ኅዳር 20 ውሳኔ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ለ12 ክፍሎች እድሳት 1,800,000 ብር ተይዟል። ሥራው ሲያልቅ 2,058,000 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ 258,000 ብር ወይም 14 በመቶ ነው። ከዚህ ውስጥ 200,000 ብሩ በተጠናቀቁት 8 ክፍሎች ላይ የታየ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። 162,000 ብሩ የቧንቧ ነው፤ በአሮጌው ሕንፃ በተጠናቀቁት 8 ክፍሎች ውስጥ የብረት ቧንቧው ዝጎ በመገኘቱ በአዲስ ተቀይሯል፣ በቀሩት ሁለት ክፍሎችም ይቀየራል። በጀቱ ሲዘጋጅ ግድግዳ ተከፍቶ አልታየም። 96,000 ብሩ የሳኒተሪ ዕቃ ነው፤ የአንዱ ስብስብ ዋጋ ከ32,000 ወደ 40,000 ብር ጨምሯል። በጀቱ የተሠራው በግንቦት 12 ፕሮፎርማ ነው፤ የግዢ ጥያቄው ነሐሴ 5 ቀረበ፣ መስከረም 20 ተፈቀደ። በመካከል ፕሮፎርማውን አላሳደስንም።

የተወሰደው እርምጃ፦ አሮጌው ሕንፃ ላይ የቀሩት ሁለት ክፍሎች ግድግዳ ስለሚጋሩ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ በዚህ 8,000 ብር ቀንሷል፣ ከላይ ባለው ቁጥር ውስጥም ገብቷል። የአዲሱ ሕንፃ ቧንቧ ተከፍቶ ታይቷል፤ መቀየር አያስፈልገውም። ከእንግዲህ ከበጀት ዋጋው 10 በመቶ የጨመረ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችን በፊት አሳውቃለሁ።

ውሳኔ የምጠይቀው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው። አንደኛ፣ 258,000 ብር ተጨምሮ 12ቱም ክፍሎች ይጠናቀቁ፤ ሥራው አምስት ሳምንት ስለሚፈልግ እስከ ኅዳር 20 ከተወሰነ ታኅሣሥ 25 ገደማ ያልቃል። ሁለተኛ፣ የአዲሱ ሕንፃ ሁለት ክፍሎች ወደ 2019 በጀት ይተላለፉ፤ ዘንድሮ የሚጨመረው 22,000 ብር ይሆናል፣ 236,000 ብሩ ግን በሚቀጥለው ዓመት መያዝ አለበት። ክፍላችን የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ለጥምቀት ሁሉም ክፍል ያስፈልጋልና።

ዝርዝር ሠንጠረዡ ተያይዟል።

ከአክብሮት ጋር

እዚህ ድረስ ነው። አንድ ገጽ አይሞላም።

ስለ አጻጻፉ ሁለት ነገር ልበል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይህ በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ «ምክንያት»ን፣ «ሲሆን»ን፣ «ይኸውም»ን እየቀጠልን አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስንሠራ ነው። ያኔ ምክንያቱ ሁሉ ፊት ይደረደራል፣ የሆነው ነገር ደግሞ ጭራ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ቁጠሪው፤ 360,000 የሚለው ቁጥር የሚመጣው ከሠላሳ በላይ ቃላት ካለፉ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ዓረፍተ ነገሩን መቁረጥ ነው። «ልዩነቱ 258,000 ብር ነው።» ነጥብ። «ምክንያቱ ሁለት ነው።» ነጥብ። ምክንያቱ ራሱን ችሎ ሲቆም ከውጤቱ በኋላ ለመምጣት አይቸገርም።

ሌላው «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ነው። ሁሉም ሰው የሚያነበው እሱን ነው፤ እኛ ግን «ስለ በጀት ሁኔታ ማሳወቅ» ብለን እናባክነዋለን። ቁጥሩና የውሳኔው ቀን እዚያ ላይ ይቀመጥ። ጸሐፊዋ መዝገብ ላይ ስትጽፈው እንኳ ነገሩ ይገባታል። «እንደሚታወቀው» ደግሞ ይቅር። የሚታወቅ ከሆነ ለምን ይጻፋል? «በከፍተኛ ትጋት»ም ይቅር፤ በጀት ባለፈበት ወረቀት ላይ ራስን ማመስገን ያስተዛዝባል። አክብሮት ይቀንሳል ብለሽ አትስጊ። አክብሮቱ በ«ውሳኔ የምጠይቀው»ና በመዝጊያው ላይ አለ። ለአለቃ ትልቁ አክብሮት ደግሞ ጊዜውን አለመብላት ነው፤ ይህ እንግዲህ የኔ አስተያየት ነው።

አንድ ስስ ነገር አለ፤ ሳላነሳው ባልፍ ደስ አይለኝም። ነሐሴ 5 የቀረበው ጥያቄ እስከ መስከረም 20 የቆየው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን እንዴት ይጽፉታል? «በፈቃድ መዘግየት ምክንያት» ብትዪ ጠብ ትጀምሪያለሽ። ጨርሶ ብትተዪው ጥፋቱ ሁሉ አንቺ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነው ሁለቱን ቀኖች ያለ አስተያየት ያስቀመጥኳቸው። ቀን አይከስም፣ አይወቅስም። እሳቸው ሲያነቡት ይገባቸዋል። ከዚያ ወዲያው «ፕሮፎርማውን አላሳደስንም» የሚለው ያንቺን ድርሻ ይወስዳል፤ ይህም ሚዛኑን ይጠብቃል። «አላሳደስንም» እንጂ «አልታደሰም» አላልኩም። «ተገዝቷል»፣ «አልታየም»፣ «ተረስቷል» እያልን ባለቤት የሌለው ሥራ መጻፍ እንወዳለን። የራስሽ ድርሻ ላይ ባለቤቱ ይታይ።

ሌላም ጥያቄ ይመጣብሻል፤ ተዘጋጂበት። «ዋጋው መጨመሩን መስከረም ላይ ካወቅሽ ለምን ኅዳር ላይ ትነግሪኛለሽ?» የቧንቧውንም ጥቅምት ላይ፣ የመጀመሪያው ግድግዳ ሲፈርስ አውቀሽዋል። ለዚህ ጥሩ መልስ ያለሽ አይመስለኝም፤ ደብዳቤው ላይ ሰበብ አልፈለግኩለትም። ያስገባሁት የ10 በመቶውን ነገር ነው። እሱን የጻፍኩት ለማስዋብ አይደለም። ከዚህ በኋላ በእውነት ካላደረግሽው በሚቀጥለው ልዩነት ላይ ይህንኑ ወረቀት አውጥተው ያሳዩሻል። 10 ቢከብድሽ 15 አድርጊው፤ የማትችዪውን ግን አትጻፊ።

ይህ አሠራር የማይሆንበት ጊዜም አለ። ብሩ የጠፋ ወይም ደረሰኝ የሌለው ከሆነ በማብራሪያ ደብዳቤ አይያዝም። እዚያ መጀመሪያ በአካል ሄዶ መናገርና ኦዲት እንዲታይ መጠየቅ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ሆኖ ብዙ ቦታ የተበተነ ከሆነም ሦስት አንቀጽ አይበቃውም። ያኔ ትልልቆቹን ሁለት ወይም ሦስት ምክንያት ከፊት አምጪ፤ የተረፈውን «ሌሎች» ብለሽ በአንድ ቁጥር ዝጊው። «ሌሎች» ግን ከትልቁ ምክንያት ከበለጠ ገና አልመረመርሽም ማለት ነው።

ከመላክሽ በፊት ወረቀቱን ለፋይናንሷ አሳዪያት። እሷ መዝገብ ላይ ያለው ወጪ 1,560,000 መሆኑን ትመስክርልሽ። ብዙ ጊዜ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ አለ፤ ወይም ግንበኛው ሠርቶ ያልተከፈለው ብር አለ። ግንበኛው የስምንተኛውን ክፍል ሒሳብ ገና ካልወሰደ መጨረሻው ቁጥርሽ በዚያው ልክ ይጨምራል። ስትሄጂ የስቶር ካርዱንም ያዢ። አራቱ ስብስቦች ላይ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ከካርቶኑ አንዱ እንኳ ጎድሎ ቢገኝ ሒሳቡን እንደገና ነው የምንሠራው።